«በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» እና ሌሎች የቃለ ጉባኤ ስህተቶች

የዓመታዊ ጉባኤን ቃለ ጉባኤ ከሁሉም አጥብቆ የሚያነበው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ኦዲተር። ማን ጥሩ እንደተናገረ አያሳስበውም። ቁጥር ነው የሚፈልገው።

እጅ ቆጥሮ መጻፍ

አንድ ኩባንያ 10,000 አክሲዮን አለው እንበል። ጉባኤው ላይ 12 ባለአክሲዮኖች ተገኙ፤ በጠቅላላ 7,000 አክሲዮን ይዘዋል። «ትርፉ ይከፋፈል» ሲባል 9ኙ እጅ አወጡ፣ 3ቱ ተቃወሙ። ጸሐፊው «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ዘጋው። ችግሩ፣ 9ኙ በድምሩ ያላቸው 2,600 አክሲዮን ብቻ ነው። የ3ቱ 4,400 ነው። አንድ አክሲዮን አንድ ድምፅ ከሆነ ውሳኔው ወድቋል ማለት ነው!

ስለዚህ በእያንዳንዱ ውሳኔ ሥር የደገፈ፣ የተቃወመና ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ አክሲዮን ብዛት ይጻፍ። ሦስቱ ሲደመሩ ከመገኛ ፊርማው ድምር ጋር መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ ምክንያቱ ይጠየቃል። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው መሀል ላይ ወጥቶ ሄዷል፣ ወይም የውክልና ወረቀት አልተያያዘም። የወጣ ሰው ካለ ሰዓቱንና የያዘውን አክሲዮን ወዲያው መመዝገብ ነው።

ድምፀ ተአቅቦን መዘንጋት

ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። በዚያው ጉባኤ ካፒታል ለማሳደግ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል እንበል። 4,400 ደገፈ፣ 2,000 ተቃወመ፣ 600 ተአቅቦ አደረገ። በተገኘው 7,000 ካካፈሉት 62.9 በመቶ ይመጣና ይወድቃል። ድምፅ በሰጠው 6,400 ካካፈሉት 68.75 በመቶ ሆኖ ያልፋል። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስኑት ሕጉና የኩባንያው መተዳደሪያ ደንብ ናቸው። ከድምፁ በፊት አንቀጹን አንብባችሁ ቃለ ጉባኤው ላይ ጥቀሱት።

«ትርፉ ይከፋፈል» ብሎ ማቆም

ስንት? ከየትኛው ዓመት ትርፍ? ለአንድ አክሲዮን ስንት ይደርሳል? በየትኛው ቀን በአክሲዮን መዝገብ ላይ ላለ ሰው ነው የሚከፈለው? ኦዲተሩ ይህን ከባንክ ክፍያውና ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ጠቅላላ ገንዘቡ ብቻ ከተጻፈ የእያንዳንዱን ድርሻ የሚያጣራበት መነሻ አያገኝም።

ቀኑም ዋጋ አለው። በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ፣ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ የጸደቀ የትርፍ ክፍፍል በተዘጋው ዓመት መጨረሻ እንደ ዕዳ አይያዝም። የሚመዘገበው ጉባኤው በወሰነበት ዓመት ነው። ቀኑ ከተሳሳተ ዕዳው ሌላ ዓመት ውስጥ ይገባል።

የተፈረመውን ገጽ መቀየር

ስህተት ከተገኘ አሮጌውን ገጽ አውጥቶ አዲስ መተካት አይሆንም። ማረሚያው በራሱ ቀንና ፊርማ ለብቻው ይጻፍ፤ የመጀመሪያውም እንዳለ ይቀመጥ።