የበቆሎ ቅጠል ቢጫ ሲሆን የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ቢጫውን ቅጠል ፀሐይ ያቃጠለው ወይም ዝም ብሎ የሞተ አድርጎ ማየት ነው። ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት የያዘውን ንብረት ያስረክባል። የቅጠሉ ናይትሮጅን አብዛኛው ያለው ክሎሮፕላስት በሚባሉት የቅጠሉ ጥቃቅን አረንጓዴ ክፍሎች ውስጥ፣ ፕሮቲን ሆኖ ነው። ተክሉ ፕሮቲኑን ወደ አሚኖ አሲድ ይፈታውና በጅማቶቹ በኩል ወደ አዲስ ቅጠልና ወደ ፍሬ ይልከዋል። አረንጓዴ ቀለሙ ክሎሮፊል የሚፈታው ደግሞ በዋናነት ጉዳት እንዳያደርስ ነው፤ የራሱ ናይትሮጅን ጥቂት ሲሆን እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቢጫው ሲታየን ጭነቱ ከተጀመረ ቆይቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የናይትሮጅን እጥረትን ከሌላ ነገር ጋር ማምታታት ነው። ናይትሮጅን ሲያንስ መጀመሪያ የሚሰጠው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ነው። ቢጫው ከጫፍ ተነሥቶ በመሃል ጅማቱ በኩል ይገባል፤ ቅርጹ ሹሉን ወደ አገዳው እንዳዞረ ማረሻ ነው፣ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ይቆያል። ከጫፍ ተነሥቶ ዳሩን ይዞ የሚሄድ ቢጫ ግን የፖታሲየም እጥረት ምልክት ነው፣ ዩሪያ አይፈታውም።

ዩሪያውን አዘግይቶ መስጠትም ብዙ ያስከፍላል። ቢጫ የሆነው ቅጠል አይመለስም፤ ዩሪያው የሚያድነው ገና ያልተነካውን ነው። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል፣ ነገር ግን በቆሎው ፀጉር ካወጣ በኋላ ከተሰጠ ፍሬው የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። የጭማሪው ዩሪያ ጊዜ የተክሉ ቁመት ጉልበት ሲደርስ፣ ከተዘራ በግምት ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ነው። አፈሩ እርጥብ ሲሆን ከተክሉ ትንሽ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥና አፈር ማልበስ ያስፈልጋል፤ ላዩ ላይ የቀረው በአሞኒያ ጋዝ መልክ ይጠፋል።

ከሁሉ የሚብሰው ለከብት ብሎ አረንጓዴ ቅጠል መግፈፍ ነው። ናይትሮጅኑ ከቅጠል ቢመጣም፣ ፍሬውን የሚሞላው ስኳር በአብዛኛው በየቀኑ የሚሠራው ነው፤ ይህንንም የሚሠሩት ፍሬውን በያዘው የበቆሎ ራስ አጠገብና ከላዩ ያሉት ቅጠሎች ናቸው። እነሱን ፍሬው ገና ወተት በሆነበት ጊዜ መግፈፍ ስኳሩንም ናይትሮጅኑንም አብሮ መውሰድ ነው፣ የፍሬው ክብደት ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ቢጫ የሆኑትን የታች ቅጠሎች መውሰድ ግን ብዙ አይጎዳም። ሌላውን ቅጠል ለመውሰድ ግን መጀመሪያ ከበቆሎው ራስ መሃል አንድ ፍሬ ነቅሎ፣ ከቆረቆንዳው ጋር የተያያዘበትን ጫፍ በጥፍር መፋቅ ነው። ጥቁር ሽፋን ከታየ ፍሬው በሩን ዘግቷል፣ ከዚያ ወዲያ ከቅጠል የሚገባ ነገር የለም።

አንዳንዴ ራስ ያልያዘ ተክል ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን ቀይ ወይንጠጅ ይሆናል። ይህን የፎስፈረስ እጥረት ነው ብሎ ማዳበሪያ መጨመር ከንቱ ወጪ ነው፤ የፎስፈረስ እጥረት ይህን ቀለም በብዛት የሚያሳየው በቡቃያነት ነው። እዚህ የሆነው ስኳሩ የሚሄድበት ፍሬ አጥቶ ቅጠሉ ውስጥ መጠራቀሙ ነው።