የቴሌቪዥን ዜና ናሬሽን እንዴት ይጻፋል? ከምስሉ ጋር የሚሄድ፣ ለተናጋሪውም ቦታ የሚተው

ለጋዜጣ ሲጽፍ የኖረ ሰው ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ይጨርስና ምስሉን ለኤዲተሩ ይተዋል። ኤዲተሩም ጽሑፉን የሚሸፍን ምስል ይፈልጋል፤ ሲያጣ የጎዳናና የሕንፃ ምስል ይደርታል። ውጤቱን ሁላችንም አይተነዋል። ስክሪኑ ላይ ሰዎች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ከላዩ ደግሞ «በከተማዋ የሚስተዋለውን የንጹሕ መጠጥ ውሃ አቅርቦት ችግር ለመቅረፍ ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት ርብርብ እየተደረገ መሆኑ ተገለጸ» የሚል ናሬሽን ይነበባል። ዓይንና ጆሮ እንዲህ ሲጣሉ የሚያሸንፈው ዓይን ነው። የተነበበው ተመልካቹ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

እዚህ የአንድ ደቂቃ ተኩል ዜና አብረን እንሠራለን። ታሪኩ ለምሳሌ ያህል የተፈጠረ ነው፤ ኮረብታ ላይ ባለ አንድ የአዲስ አበባ ሰፈር ፓምፕ ተበላሽቶ የውሃ ፈረቃ ተዛብቷል።

1. መጀመሪያ ቀረጻውን ተመልከቱ

አንድም ዓረፍተ ነገር ሳትጽፉ የተቀረጸውን ሁሉ እዩና ዝርዝር ያዙ። ሾቱ ምን እንደሚያሳይ፣ በየትኛው ደቂቃና ሰከንድ ላይ እንዳለ፣ ምን ድምፅ እንዳለው በአጭሩ ይጻፍ። «የጀሪካን ሰልፍ፣ ሰፊ ሾት» ማለት አይበቃም። «በገመድ የተያያዙ ቢጫ ጀሪካኖች፣ ሰው የለም፣ ዶሮ ይጮኻል» ብላችሁ ብትጽፉ ግን ጀሪካኖቹ በባለቤቶቻቸው ፈንታ ተራ እንደያዙ ያኔውኑ ይገባችኋል። የዜናው መግቢያ ከዚህ ሾት ይወጣል።

ዝርዝሩ ሌላም ነገር ያሳያችኋል፤ የትኛው መረጃ ምስል እንደሌለው። ለፓምፑ የተያዘው በጀት፣ የከተማዋ የውሃ ፍላጎት፣ ያለፈው ዓመት ዕቅድ ምስል የላቸውም። እንዲህ ያለው መረጃ አስፈላጊ ከሆነ የዜና አንባቢዋ ስቱዲዮ ሆና በምትናገረው መግቢያ ውስጥ ይግባ፣ ወይም ሪፖርተሩ ካሜራ ፊት ቆሞ ይበለው። የማህደር ምስል መጠቀም ግድ ከሆነ «ከማህደር» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይኑር፤ ያለበለዚያ ተመልካቹ የዛሬ ይመስለዋል።

2. ሳውንድ ባይቱን ምረጡ፣ ከዚያ ጊዜውን አስሉ

ሳውንድ ባይት ከቃለ መጠይቁ ተቆርጦ በተናጋሪው በራሱ ድምፅ የሚሰማው ክፍል ነው። ናሬሽኑ የሚጻፈው ተናጋሪዎቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው። መምረጫው ቀላል ነው። ቀን፣ ቁጥርና ሂደት እናንተ በአጭሩ ልትናገሩት የምትችሉት ነገር ስለሆነ ለናሬሽኑ ይቅር። የደረሰበት ሰው ብቻ ሊናገረው የሚችለው፣ ወይም ኃላፊው በራሱ አፍ ሊጠየቅበት የሚገባው ቃል ሳውንድ ባይት ይሁን።

ከሰልፉ ላይ ካነጋገርናቸው መካከል አንዲት እናት እንዲህ ብለዋል እንበል፦ «ልጄን ትምህርት ቤት ሳላደርስ ቀረሁ። ተራዬን ብለቅ ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ልጠብቅ ካልኩ ደግሞ ልጁ ቤት ይቀራል።» 11 ሰከንድ ነው፤ ይበቃል። ኃላፊው ስለ መለዋወጫው ከሰጡት ረጅም መልስ ደግሞ 14 ሰከንድ ወሰድን።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የተለየ አደጋ አለ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አዎንታውም አሉታውም የሚታወቀው በመጨረሻው ቃል ነው። ኃላፊው «ፓምፑ በዚህ ሳምንት ይጠገናል የሚል እምነት የለንም» ካሉና ኤዲተሩ ሰከንድ ለማትረፍ «ይጠገናል» ላይ ከቆረጠ፣ ሰውየው ያላሉትን ተናግረው ያድራሉ። ስለዚህ ስክሪፕቱ ላይ የሳውንድ ባይቱን የመጀመሪያ ቃላትና የመጨረሻ ቃላት ከነርዝመቱ ጻፉ። የተናጋሪው ድምፅ ገና ወደ ላይ እያለ ከቆረጣችሁም ትርጉሙ ባይዛባ እንኳ የተበጠሰ መሆኑ ይሰማል። ድምፁ ወርዶ የሚያርፍበትን ቦታ ጠብቁ።

አሁን ሒሳቡ። ሁለቱ ሳውንድ ባይቶች 25 ሰከንድ ወሰዱ። ለቦታው ድምፅ፣ ማለትም ለጀሪካን ኳኳታ፣ ለመፍቻ ድምፅና ለሚንዠቀዠቅ ውሃ፣ 12 ሰከንድ እንያዝ። ለትንፋሽ 5 ሰከንድ ይተው። ከ90 ሰከንድ የሚቀረው 48 ነው። የአማርኛ ቃል ብዙ ቅጥያ ስለሚሸከም ረጅም ነው፤ በዜና ንባብ ደቂቃ ውስጥ ከ100 እስከ 120 ቃል ብትቆጥሩ ብዙ አትሳሳቱም። የራሳችሁን ፍጥነት ግን በሰዓት ለኩ። 48 ሰከንድ እንግዲህ ወደ 85 ቃል ገደማ ነው። ለጋዜጣ 300 ቃል የጻፈ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው።

3. ሾት በሾት ጻፉ

ገጹን ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ ምስሉ፣ በቀኝ ድምፁ። አንድ ሾት ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ቢቆይ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ቃል ይሸከማል፤ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ማለት ነው። የእኛ ዜና በአራት ሰከንድ የጀሪካን ኳኳታ ይከፈትና እንዲህ ይቀጥላል፦

ምስል፦ በገመድ የተያያዙ ጀሪካኖች
ድምፅ፦ «እነዚህ ጀሪካኖች ተራ የያዙት ትናንት ማታ ነው።»

ምስል፦ ጋቢ የለበሱ ሰዎች፣ አጥር ጥግ
ድምፅ፦ «ባለቤቶቻቸው ሌሊቱን እየተፈራረቁ ጠብቀዋቸዋል።»

ምስል፦ የደረቀ ቧንቧ፣ ክሎዝ አፕ
ድምፅ፦ «ቧንቧው ግን እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ጠብታ አልወጣውም።»

ምስል፦ እናትየዋ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው
ድምፅ፦ «እኚህ የሦስት ልጆች እናት ዛሬ ጠዋት ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው።»

ሳውንድ ባይት፦ «ልጄን ትምህርት ቤት… …ልጁ ቤት ይቀራል።» 11 ሰከንድ

ናሬሽኑ «ነዋሪዎች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈው ይታያሉ» አይልም፤ ተመልካቹ ዓይን አለው። ከምስሉም አይርቅም። የሚያያት ጀሪካን ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደቆመች ካሜራው ሊያሳይ አይችልም፤ የጸሐፊው ሥራ ይህን መንገር ነው።

«ይህ»፣ «እነዚህ»፣ «እኚህ»፣ «እዚህ» የሚሉት ቃላት ምስልና ጽሑፍን ያስተሳስራሉ፤ የተባለው ነገር በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ከሌለ ግን ወዲያው ያጋልጣሉ። በእነሱ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ በግራ በኩል የትኛው ሾት እንደሆነ በግልጽ አስፍሩ።

የአማርኛ ግስ እዚህም ሥራ ያመጣል። «የአካባቢው የውሃ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ለችግሩ መከሰት ምክንያት የሆነው በዋናው መስመር ላይ የሚገኘው ፓምፕ መበላሸቱ መሆኑን አስታወቀ» ብንል፣ «ፓምፕ» የሚለው ቃል የሚሰማው ሰባት ሰከንድ ያህል ከተነበበ በኋላ ነው። የፓምፑ ሾት በመጀመሪያው ቃል ከገባ ተመልካቹ ምን እንደሚያይ ሳያውቅ ይቆያል፤ ሾቱ ከዘገየ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ የሚሸፍን የጽሕፈት ቤት በር እንፈልጋለን። በዚህ ፈንታ የፓምፑ ሾት ሲገባ «የተበላሸው ይህ ፓምፕ ነው» ማለት ይበቃል። አራት ቃል ነው፤ ዓይንና ጆሮ እኩል ይደርሳሉ።

4. ለተናጋሪው በሩን ክፈቱ እንጂ ቃሉን አትንጠቁ

ከጋዜጣ የምናመጣው ሌላው ልማድ «ሲሉ ተናግረዋል» ነው። «ተራ ለመጠበቅ ሲሉ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሳያደርሱ መቅረታቸውን ተናግረዋል» ብለን እናትየዋን ብናስገባ ተመልካቹ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ ሁለተኛው የእሳቸው ስለሆነ የሚጎዳውም የእሳቸው ነው። «ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው» ሲባል ግን ጥያቄው ተከፍቶ ይቆያልና መልሱን እሳቸው ይሰጡታል። ስማቸው ከታች በጽሑፍ ስለሚመጣ ናሬሽኑ መጥራት የለበትም።

ኃላፊውም የሚገቡት በዚሁ መንገድ ነው፦ «የሰፈሩ የውሃ ፈረቃ ከተዛባ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የተበላሸው ይህ ፓምፕ ነው። ውሃውን ከታችኛው ማጠራቀሚያ ወደ ኮረብታው የሚገፋው እሱ ብቻ ነበር። መለዋወጫው መቼ ይመጣል? ኃላፊው ቀን ቆርጠው አልነገሩንም።» ከዚያ ሦስት ሰከንድ የመፍቻ ድምፅ ብቻውን ይሰማ፤ ቀጥሎ ሰውየው ይናገሩ። ያቺ ሦስት ሰከንድ ከነዋሪዋ ወደ ኃላፊው የምንሻገርባት ናት። ጊዜ ሲጠብ ኤዲተር መጀመሪያ የሚቆርጠው እሷን ስለሆነ ስክሪፕቱ ላይ «የመፍቻ ድምፅ፣ 3 ሰከንድ፣ ናሬሽን የለም» ተብሎ ይጻፍ።

5. ተናጋሪው በሌላ ቋንቋ ከሆነ

ለምሳሌ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ነዋሪ ካለ፣ የራሱ ድምፅ ሁለት ሰከንድ ያህል ሙሉ ሆኖ ይሰማ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ የአማርኛው ንባብ ይግባበት፣ መጨረሻ ላይም ንባቡ ቀድሞ አልቆ የሰውየው ድምፅ ለአንድ ሰከንድ ይመለስ። ስለዚህ ለ12 ሰከንድ ሳውንድ ባይት የምትጽፉት ትርጉም ከ9 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። ቋንቋውን የሚያውቅ ተመልካች ስር ስር የሚሰማውን ስለሚያመሳክር ማሳጠር እንጂ ማሳመር አያዋጣም። ባለጉዳዩ ራሱ ያለቀሰበት ወይም የሳቀበት ቦታ ካለ ንባቡን አቁማችሁ በጽሑፍ ተርጉሙት፤ እኔ በዚህ አልደራደርም።

6. ምስሉ ፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ቁጥሮችን በፊደል ጻፉ፤ አንባቢ «3,450»ን ካየ ይደናቀፋል። ምስሉን አጫውታችሁ በሰዓት አንብቡ። ችግሩ የሚታወቀው በሁለት ምልክት ነው። ትንፋሽ ካጠራችሁ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ሾቱ ተቀይሮ እናንተ አሁንም ስለ ቀደመው እየተናገራችሁ ከሆነ ወይ ቅጽሉን ቁረጡ፣ ወይ ሾቱን አስረዝሙ።

ዜናችን በመጀመሪያ ንባብ ስድስት ሰከንድ አለፈ እንበል። መዝጊያው «የአካባቢው አስተዳደር እስከዚያው ድረስ ለነዋሪዎች ውሃ በቦቴ ለማከፋፈል እንቅስቃሴ መጀመሩን የገለጸ ሲሆን ነዋሪዎች ግን እስካሁን የመጣላቸው ይህ አንድ ቦቴ ብቻ መሆኑን ይናገራሉ» ይላል። ቦቴው ስክሪኑ ላይ እየገባ ስለሆነ ከዚህ ውስጥ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ «እስከዚያው ውሃ በቦቴ ይታደላል ተብሏል። ነዋሪዎቹ እንደሚሉት እስካሁን የመጣው ይህ አንዱ ነው።» ስድስቱ ሰከንድ ተገኘ፤ ከመጨረሻው አምስት ሰከንድ የውሃ ድምፅ ምንም አልተነካም።