ድሪል፣ ኢምፓክት ድራይቨር ወይስ ሮታሪ ሃመር? ከፎቶ ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

በቴሌግራም ከሚለጠፉት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ብዙዎቹ «ድሪል» ተብለው ይሸጣሉ። ሁሉም የሽጉጥ ዓይነት መያዣና ጣት የሚስበው ማብሪያ አላቸው፤ ከሥራቸውም ባትሪ ወይም ገመድ አለ። ስለዚህ ገዢው በስም ተማምኖ ይከፍላል፤ ግድግዳው አልበሳ ሲለው ነው የገዛው ሌላ መሆኑ የሚገባው።

ቀለሙንና ቅርፁን ማየት፣ አፉን መተው

አንድ አምራች ብዙ ዓይነት መሣሪያዎቹን በአንድ ቀለም ስለሚሠራ ቀለም የሚነግረን የአምራቹን ማንነት ብቻ ነው። መሣሪያውን የሚለየው ፑንታው የሚገባበት አፍ ነው። ተራ ድሪል ሲጠብቅ ፑንታውን የሚጨብጡ ሦስት ጥርሶች ያሉት ቻክ አለው፤ ባለ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ከቻኩ ኋላ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ይታያል። ኢምፓክት ድራይቨር አፍንጫው አጭር ነው፤ ቁጥር ያለው ቀለበት የለውም፤ አፉ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ሲሆን ሩብ ኢንች ስፋት አለው። የሮታሪ ሃመር አፍ ወደ ኋላ የሚሳብ፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር የሆነ ወፍራም አንገት ነው። ፑንታው ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ስላሉት ሳይጠብቅ ጠቅ ብሎ ይገባል። አፉ ወጣ ያለ አራት ማዕዘን ብረት ከሆነ ደግሞ የመኪና ጎማ ብሎን የሚፈታው ኢምፓክት ሬንች ነው።

«ኢምፓክት» ሲባል ኮንክሪት ይበሳል ማለት ነው ብሎ መገመት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ኢምፓክት ድራይቨር የሚመታው በዙሪያ፣ ማለትም በመሽከርከሪያው አቅጣጫ ነው። ረጅም ቪቴ እንጨት ውስጥ ሲያስገባ እጅን ሳያጣምም የሚገፋው ለዚህ ነው። ፑንታውን ወደ ፊት ስለማይመታ ድንጋይ አይፈረፍርም። ማስታወቂያው ላይ 180 ኒውተን ሜትር ቢጻፍ እንኳ የመጠምዘዝ ጉልበት እንጂ የመብሳት አቅም አይደለም። ሮታሪ ሃመር ግን ውስጡ ያለው ፒስተን በታመቀ አየር ፑንታውን ወደ ፊት ይመታል።

የመዶሻ ምልክት ያየነውን ሁሉ ሮታሪ ሃመር ማለት

ሃመር ድሪልም የመዶሻ ምልክት አለው። እሱ የሚንቀጠቀጠው ጥርስ ያላቸው ሁለት ዲስኮች እርስ በርስ ሲፋተጉ ነው፤ ጉልበቱን የሚሰጠው የሰው ግፊት ነው። ለብሎኬት ይበቃል፤ በኮንክሪት ዓምድ ላይ ግን ፑንታው ይግላል፣ ጫፉም ይደነዝዛል።

ለምሳሌ በኮንክሪት ዓምድ ላይ ከባድ ማንጠልጠያ ለማሰር ባለ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ እንበል። ፎቶው ላይ የጎን እጀታ፣ የጥልቀት መለኪያ ዘንግና ባለ ሦስት ጥርስ ቻክ ይታያል። የጎን እጀታው ሊያታልለን አይገባም፤ ሃመር ድሪልም አለው። ቻኩ ራሱም ጥርጣሬውን አይዘጋውም፤ ብዙ ሮታሪ ሃመሮች በአፋቸው ላይ የሚሰካ ቻክ ስላላቸው ሻጩ ያንን ሰክቶ አንስቶት ሊሆን ይችላል። ሻጩን ሁለት ፎቶ ይጠይቁት፦ አንዱ ምንም ሳይሰካ አፉን ፊት ለፊት የሚያሳይ፣ ሌላው የሥራ መምረጫውን። መምረጫው ላይ መሮ ብቻውን የተሳለበት ቦታ ካለ፣ ማለትም ሳይሽከረከር የሚመታበት፣ ሮታሪ ሃመር ነው። ይህ ቦታ በሃመር ድሪል ላይ አይኖርም። ቦታው ባይኖር ግን አይደለም ብለው አይደምድሙ፤ መሮ የማይሠሩ ትናንሽ ሮታሪ ሃመሮች ስላሉ ያን ጊዜ የሚወስነው የአፉ ፎቶ ነው። ሮታሪ ሃመሩ ቻክ ከተሰካበት በኋላ የመምታት ሥራውን ማብራት ቻኩን ስለሚያበላሸው ለእንጨትና ለብረት ብቻ ይጠቀሙበት።

ግራይንደርን ከፖሊሸር አለመለየት

ሁለቱም ረዘም ያለ አካልና ወደ ጎን የዞረ ጭንቅላት አላቸው፤ የሁለቱም መዘውር ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት ጥርስ ስለሚሠራ የአንዱ ዲስክ በሌላው ላይ ይታሰራል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የ125 ሚሊሜትር ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ገደማ ይዞራል፤ የመኪና ቀለም የሚወለውለው ፖሊሸር ግን ከ3,000 ብዙም አያልፍም። ፖሊሸር የብረት መከላከያ ቆብ የለውም። ስለዚህ መቁረጫ ዲስክ ቢታሰርበት ዲስኩ ሲሰበር ስብርባሪውን የሚያስቀርልዎ ነገር አይኖርም። በተቃራኒው ግራይንደር ላይ የመወልወያ ስፖንጅ ቢያስሩ የመኪናውን ቀለም ያቃጥላል። ሻጩ ቆቡን አውልቆ ያነሳው ግራይንደርም ስላለ ቆብ ባያዩም አይወስኑ፤ የመለያ ሰሌዳውን ፎቶ ይጠይቁና በደቂቃ የሚዞርበትን ቁጥር ያንብቡ።

ጂግሶን ከሌላ መጋዝ ጋር ማምታታት

ይህኛው ቀላል ነው። ጂግሶ ቀጭን ምላጩ ወደ ታች ነው፤ ከሥሩም ጣውላው ላይ የሚያርፍ ጠፍጣፋ ብረት አለ። ምላጩ ከአፍንጫው ወደ ፊት ከወጣ ቧንቧና ቅርንጫፍ የሚቆርጠው ረጅም መጋዝ ነው። ፎቶው ላይ ምላጭ ካልተሰካ ጠፍጣፋውን ብረት ይፈልጉ፤ ሰፊና ከሥር የተዘረጋ ከሆነ ጂግሶ ነው።