ከመፈረም በፊት፦ የቅጥር ውል ምን ያህል እንደሚያስር ሲመዘን የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት «የሙከራ ጊዜ 3 ወር» የሚለውን ሐረግ ሳይቆጥሩ ማለፍ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ሊሰፍር የሚገባው ሲሆን፣ ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ በሳምንት 6 ቀን በሚሠራበት ድርጅት ይህ 10 ሳምንት ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ስህተት የማስጠንቀቂያ ጊዜን ከሚገባው በላይ መፍራት ነው። አዋጁ በፈቃዱ ለሚለቅ ሠራተኛ የሚያስቀምጠው ማስጠንቀቂያ 30 ቀን ሲሆን፣ ይህን ሳይሰጥ የሄደ ሠራተኛ የሚከፍለው ካሣም ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ይህ ጥበቃ አዋጁ ለማይመለከታቸው የሥራ መሪዎች እንደማይደርስ ግን ልብ ይሏል።

ትልቁ ስህተት የሥልጠና ግዴታውን እንደ ተራ ተቀጥላ ማየት ነው፤ በእኔ ግምት ሠራተኛን በእርግጥ የሚያስረው ይህ አንቀጽ ነው። ወር ደመወዝዎ 15,000 ብር ቢሆንና ከሥልጠና በኋላ 2 ዓመት ለማገልገል፣ ካልሆነም 90,000 ብር ለመክፈል ቢፈርሙ፣ በ18ኛው ወር ሲለቁ የሚጠየቁት ገንዘብ በአንድ ሐረግ ይወሰናል። ውሉ «ባላገለገለበት ጊዜ መጠን» የሚል ከሆነ ዕዳዎ የቀረው 6 ወር ድርሻ፣ ማለትም 22,500 ብር ነው፤ «ጊዜውን ካላጠናቀቀ ሙሉውን» የሚል ከሆነ ግን የስድስት ወር ደመወዝ የሚያህል 90,000 ብር ይጠየቃሉ። ግዴታው የሚቆጠረው ከቅጥር ቀን ይሁን ሥልጠናው ካለቀበት ቀን፣ ሁለተኛ ሥልጠና ሲሰጥም እንደ አዲስ ይጀምር እንደሆነ በዚያው ዓይን መታየት አለበት። ከሁሉ የከፋው ሐረግ «በማናቸውም ምክንያት የሥራ ውሉ ቢቋረጥ» የሚለው ነው፤ ሥልጠናው በሙከራ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ፣ አሠሪው ራሱ በሙከራው አልተስማማኝም ብሎ ቢያሰናብትዎ እንኳ ዕዳው የእርስዎ ነው የሚል ክርክር ሊያስነሣ ይችላልና «ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ሲለቅ» በሚል እንዲተካ ከመፈረም በፊት ይጠይቁ።

በመጨረሻም ግዴታው የሚነካውን ሌላ መብት መርሳት አለ። 5 ዓመት አገልግሎ በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ የሌለበት ከሆነ ነው፤ ስለዚህ በአራተኛው ዓመት የሚፈርሙት የ2 ዓመት ግዴታ በአምስተኛው ዓመት የሚጠብቁትን ክፍያ ሊያሳጣዎ ይችላል። ዋስ የተጠየቀ እንደሆነም የዋሱ ኃላፊነት እስከ ስንት ብር እንደሆነ በቁጥር መጻፉን ሳያዩ ወንድምዎን ወይም ጓደኛዎን ለፊርማ አይውሰዱ።