ፍሪጁን እያሳደዱ መቆጠብ፦ ጥሬ ብር ስናስቀምጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አራት ኪሎ የሚኖሩ ጎረቤቴ እትዬ ፍሪጅ ሊገዙ በየወሩ 2,000 ብር ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላቸው ሥር ያስቀምጡ ነበር። ሲጀምሩ ዋጋው 40,000 ብር ስለነበር ሃያ ወር ይበቃል ብለዋል። ሃያው ወር ሲሞላ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ሻጩ 54,000 አለን። ቤት ተመልሰን ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። አንድ ብር አልጎደለም።

ብሩን መቁጠር፣ የሚገዛውን አለመቁጠር

ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ሲጨምር 40,000 የነበረው ዕቃ በሃያ ወር ወደ 54,000 ይደርሳል። እትዬ "ሰባት ወር ልጨምርበት" አሉ። ሰባት ወር ሲጨምሩ 54,000 ይኖራቸዋል፤ ፍሪጁ ግን 60,000 ገብቷል። ሌላ ሦስት ወር ቢጨምሩም ዋጋው ወደ 63,000 ይሄዳል። በዚህ አካሄድ የሃያ ወሩ ዕቅድ ሠላሳ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ዕቅድ ስታወጡ የዛሬውን ዋጋ ለወራት አታካፍሉት፤ በምትገዙበት ወር ይሆናል የምትሉትን ዋጋ አካፍሉ። ሃያ በመቶው ምሳሌ ነው፤ በ2014 የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ አኃዙን ያወጣል፤ የምግቡና ምግብ ያልሆነው ለየብቻው ስለሚነገር ለምትገዙት ነገር የሚቀርበውን ተመልከቱ።

ቁም ሣጥኑን ማመን

ቤት የተቀመጠ ብር ወለድ የለውም፣ ከሌባም ከእሳትም አይድንም። መስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየርም አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ሦስት ወር ነበር።

7 በመቶውን ትርፍ ማለት

እትዬ ያንኑ ብር በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢያስቀምጡት ኖሮ በሃያ ወር 42,300 ገደማ ይሆን ነበር፤ ከወለዱም ግብር ይቀነሳል። ከቁም ሣጥኑ ይሻላል፣ ከፍሪጁ ግን 12,000 ያህል ይጎድላል። የሁለት ሦስት ወር ወጪ ለድንገተኛ ነገር በተራ ቁጠባ ይቀመጥ፤ እዚያ ላይ የሚጠፋውን የዋስትና ዋጋ እንደሆነ ቁጠሩት። ለስድስት ወር ወይም ለዓመት የማትነኩት ካለ ግን የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ጠይቁ። ወለዱ ከተራው ከፍ ይላል፤ እንደ ብሩ መጠን ይደራደራሉና አንድ ባንክ ብቻ ጠይቃችሁ አትፈርሙ። ከቀኑ በፊት ካወጣችሁ ያ ተጨማሪ ወለድ ሊቀር ስለሚችል ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዕቁብ ላይ የመጨረሻ ዕጣ ይሁንልኝ ማለት

ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ነው። "መጨረሻ ላይ ይውጣልኝ፣ በእጄ ካለ አጠፋዋለሁ" የሚል ሰው አላጣችሁም። ሃያ ሰው በየወሩ 2,000 የሚጥልበት ዕቁብ ላይ ዕጣው 40,000 ነው። በአምስተኛው ወር የደረሰው ሰው ፍሪጁን 43,000 ገደማ ያገኘዋል፤ 3,000 ጨምሮ ይገዛል፣ ቀሪውን አሥራ አምስት ወር እየቀለለ በሚሄድ ብር ይከፍላል። ሃያኛው ላይ የደረሰው ግን እንደ እትዬ ቁም ሣጥን ነው፤ 40,000 ይዞ 54,000 ፊት ይቆማል። መጀመሪያ ለወጣላቸው ያለ ወለድ አበድሯል ማለት ነው።

ዕጣ ለውጡኝ ሲሏችሁም ይህን አስቡ። የአምስተኛውን ወር ሰጥታችሁ ሃያኛውን ብትወስዱ፣ ያኔ የምትቀበሉት 40,000 የሚገዛው በአምስተኛው ወር 32,000 ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። 1,000 ብር ጉርሻ ተቀብሎ "ተጠቀምኩ" ማለት ወደ 7,000 ገደማ መስጠት ነው። ቶሎ የሚደርሰው ይጠቅማል ስል ግን ዳኛውና ጸሐፊው ከወጣለት ሰው ዋስ የሚይዙበትን ዕቁብ ማለቴ ነው። ቀድሞ ወስዶ የሚጠፋ ካለ ጉዳቱ የሚያርፈው ኋላ በቀሩት ላይ ነው።

ደንግጦ ወርቅ ቤት መሮጥ

ጌጥ ስትገዙ የእጅ ዋጋ ትከፍላላችሁ፤ ስትሸጡ ግን ሚዛኑና ካራቱ ብቻ ነው የሚታየው። በጥቂት ወር ውስጥ ለምትፈልጉት ብር አይሆንም። አስቤዛ በብዛት መግዛት ይሻላል፣ እሱም የሚቆየውን ከሆነ ነው፦ ጤፉ እህሉ ሲሆን ይቆያል፣ ተፈጭቶ ሲከርም ግን ጣዕሙ ይለወጣል።

እትዬ አሁን የሰፈር ዕቁብ ገብተዋል። ሦስተኛው ወር ላይ ሲወጣላቸው አንዲት ሴት "እትዬ፣ ይለውጡኝ፣ 1,500 ልጨምርልዎ" አለቻቸው። "ፍሪጁን ጠይቂው" ብለው ሳቁባት።