«ይደውሉልን» ለማን? በጋራ ፖስት ካፕሽን ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት ቡና ቆልታ የምትሸጥ ሴት እና አንዲት ዳቦ ቆሎ የምትሠራ ሴት ተስማሙ እንበል። ጊዜው ኅዳር ነው፤ የነቢያት ጾም ሊገባ ነው። ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡናና ግማሽ ኪሎ ዳቦ ቆሎ አንድ ላይ አድርገው በ900 ብር ሊሸጡ አስበዋል። ኢንስታግራም ላይም በጋራ ፖስት አደረጉ። ፎቶው ቆንጆ ነው። ጀበናው አለ፣ ረከቦቱ አለ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ደግሞ እንዲህ ይላል፦

«ውድ ደንበኞቻችን! ከምንወዳት እህታችን ጋር በመተባበር ልዩ ቅናሽ ይዘንላችሁ መጥተናል። ጥራት ያለውን ምርታችንን ሳያልቅ ይዘዙ። እስከ 20 ብቻ! ለበለጠ መረጃ ይደውሉልን። ዋጋ በውስጥ መስመር።»

ላይ ላዩን ሲያዩት ምንም አይልም። በየቀኑ የምናየው ዓይነት ነው። ለአንድ ሱቅ ቢሆን ያስኬዳል። ለሁለት ሲሆን ግን ችግሩ ከመጀመሪያው ቃል ይጀምራል።

«እኛ» ማን እንደሆነ አለመለየት

የጋራ ፖስት በሁለቱም ገጽ ላይ ይወጣል። ከላይ የሁለቱም ስም ይታያል፤ ኮሜንቱም ላይኩም አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ዳቦ ቆሎዋን የሚከታተል ሰው «ደንበኞቻችን» ሲል ዳቦ ቆሎዋ የጻፈችው ይመስለዋል። ቡናዋን የሚከታተለው ደግሞ ቡናዋ ናት ብሎ ያነባል። «እህታችን» ታዲያ የትኛዋ ናት? «ምርታችን» ቡናው ነው ዳቦ ቆሎው? «ይደውሉልን» ሲባል ለማን ነው የሚደወለው?

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለቱንም በስማቸው ይጥሯቸው። ቡናው ከእገሊት፣ ዳቦ ቆሎው ከእገሊት ይበሉ። «እኛ» የሚለውን ሁለቱም አብረው ለሚሠሩት ነገር ብቻ ያቆዩት። ከመለጠፉ በፊት ጽሑፉን ያለ ፎቶው አንዷን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይላኩለት። «ምን ይሸጣል? ማን ጋ ልደውል?» ብለው ይጠይቁት። ከተንተባተበ ጽሑፉ ገና ነው።

የመጀመሪያውን መስመር በሰላምታ መጨረስ

ስልክ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ሁለት መስመር ያህል ነው። ቀሪውን ለማየት «more» የሚለውን መጫን ያስፈልጋል። ከላይ ያለው ካፕሽን ያቺን ቦታ በ«ውድ ደንበኞቻችን» እና በ«በመተባበር» ጨርሷታል። ቡና የሚል ቃል እስከ መጨረሻው የለም። ምን እንደሚሸጥና በስንት እንደሆነ መጀመሪያ ይግባ፤ ሰላምታው ቢቀር ማንም አይቀየምም።

ሌላዋን በ«ጥራት ያለው» ማስተዋወቅ

የጋራ ፖስት ጥቅሙ ለማያውቁዎት ሰዎች መድረሱ ነው። ለእነዚያ ሰዎች ደግሞ «ምርጥ» እና «ጥራት ያለው» ምንም አይነግሩም፤ ሁሉም ይለዋላ። ስለ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ የተለየ ነገር ይበቃል። ቡናው የይርጋጨፌ ነው? መቼ ተቆላ? የተፈጨ ነው ወይስ ፍሬው? ዳቦ ቆሎው በርበሬ አለው?

ከሁሉ በላይ ግን በዚህ ወቅት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የጾም ነው?» ዳቦ ቆሎ በዘይትም በቅቤም ይሠራል። ቡና ቆዪዋ ጓደኛዋን ሳትጠይቅ «ለጾም የሚሆን» ብላ ብትጽፍና ቅቤ ያለበት ሆኖ ቢገኝ፣ ለጿሚ ሰው «ይቅርታ፣ ተሳስተን ነው» የሚባል ነገር አይዋጥለትም። ቅያሜውም ለሁለቱም ነው። ስለዚህ ስለ ዳቦ ቆሎው ዳቦ ቆሎዋ፣ ስለ ቡናው ቡና ቆዪዋ ትጻፍ። አንዷ የሌላዋን ዓረፍተ ነገር ማሳመር ትችላለች፤ ፍሬ ነገሩን ግን አትነካም።

ዋጋውንና ገንዘቡን ማድበስበስ

«ዋጋ በውስጥ መስመር» ለአንድ ሱቅም ቢሆን ሰው ያበሳጫል። እዚህ ደግሞ የውስጥ መስመሩ ሁለት ነው። አንዷ 900 ትላለች። ሌላዋ የማድረሻውን ጨምራ 1,050 ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ደንበኛው ግን ስክሪንሹት አንስቶ ኮሜንት ላይ ይለጥፈዋል። ያ ኮሜንት ደግሞ የሁለቱም ተከታዮች ፊት ነው የሚወጣው።

ከዚህ የባሰው ገንዘብ ሲላክ ይመጣል። ደንበኛው ለዓመታት የሚያውቃት ቡና ቆዪዋን ነው። በቴሌብር ሊከፍል ቁጥሩን ሲያስገባ የማያውቀው ሰው ስም ይመጣበታል። በዚህ ዘመን ማን ይጭነዋል? «ተጭበረበርኩ እንዴ» ብሎ ይተወዋል፤ ያውም ሳይነግራችሁ። አንዲት ትዕዛዝ ተቀባይ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ የክፍያ ስም ይኑር፤ ስሙም ካፕሽኑ ላይ ይጻፍ። ትርፉን እንዴት እንደምትካፈሉ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ እዚያ አይገባም።

«እስከ 20» ብሎ መተው

የትኛው 20? ኅዳር 20 እና ኖቬምበር 20 በመካከላቸው ዘጠኝ ቀን ያህል አለ። በተለይ ውጭ አገር ሆኖ ለእናቱ ሊያዝ የሚፈልግ ሰው በፈረንጁ ነው የሚቆጥረው። ሁለቱንም መጻፍ ምንም አያስወጣም።

እነዚህ ሲስተካከሉ የዚያ ፎቶ ጽሑፍ እንዲህ ይሆናል። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ስምና ስልክ በየቦታው ይተካል፦

«ለጾሙ፦ ቡናና ዳቦ ቆሎ በአንድ ፓኬጅ፣ 900 ብር።
ግማሽ ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና፣ በዚህ ሳምንት የተቆላ፣ ከ(የቡናው ገጽ ስም)።
ግማሽ ኪሎ ዳቦ ቆሎ፣ በዘይት የተሠራ፣ ቅቤም ወተትም የሌለው፣ ከ(የዳቦ ቆሎው ገጽ ስም)።
ለየብቻ ቡናው 600፣ ዳቦ ቆሎው 400 ብር ነው።
ለማዘዝ ወደ ዳቦ ቆሎዋ ይደውሉ፦ (ስልክ)። በቴሌብር ሲከፍሉ የሚመጣው ስም (ሙሉ ስም) ነው።
አዲስ አበባ ውስጥ እናደርሳለን፤ የማድረሻው 150 ብር ነው።
እስከ ኅዳር 20፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 29። ያለን 60 ፓኬጅ ነው።»

ለኢንስታግራም የተጻፈውን እንዳለ ቴሌግራም ላይ መገልበጥ

ኢንስታግራም ካፕሽን ላይ ያለ ሊንክ ተጭነውት አይከፈትም፤ ስልክ ቁጥሩም ተጭነው የሚደውሉበት አይደለም። የሚሠራው በ@ የተጻፈው የገጽ ስም ነው። ቴሌግራም ላይ ግን ሊንኩም ቁጥሩም ይሠራሉ፤ ስለዚህ እዚያ ትዕዛዝ መቀበያውን ሊንክ ያስገቡ። ከፎቶ ሥር 1,024 ፊደል ድረስ ይፈቅዳል፤ ከላይ ያለው በደንብ ይገባል። አንድ ልብ የሚባል ነገር፦ ፖስቱ ፎርዋርድ ከተደረገ በኋላ ዋናውን ቢያስተካክሉት ቅጂው አይለወጥም። ዋጋ ከተለወጠ ሌላዋ ቻናል ላይ ያለው አሮጌው ነው።

ኢንስታግራም ላይ ደግሞ ካፕሽኑን ማረም የምትችለው መጀመሪያ የለጠፈችው ብቻ ናት። «Invite collaborator» ተብላ የተጋበዘችው መቀበል ወይም ከፖስቱ መውጣት ትችላለች እንጂ አንድ ፊደል አትነካም። ስለዚህ ማን ይለጥፍ ሲባል ተከታይ የሚበዛላት ትለጥፍ አይባል፤ ተከታዩ ለሁለቱም ይደርሳልና። ዕቃው እጇ ላይ ያለ፣ ስልኩን የምታነሳው ትለጥፍ። 60ኛው ፓኬጅ በሌሊት ቢያልቅ «አልቋል» ብላ ወዲያው የምትጽፈው እሷ ናት።