ሰጡት ወይስ ሸጡት? የተያያዘ የእጅ ጽሑፍ እንዴት ይነበባል

በጥድፊያ የተጻፈ ደብዳቤ ላይ የአንዱ ፊደል እግር ከቀጣዩ ጋር ይገጥማል። በብዛት የምትጠፋው ደግሞ «ሰ»ን «ሸ»፣ «ተ»ን «ቸ»፣ «ነ»ን «ኘ» የምታደርገው የራስ ሰረዝ ናት። ከጎረቤት ፊደል ጭራ ጋር ስትቀላቀል መኖር አለመኖሯ አይታወቅም።

ከአዳማ አንድ ቤት የድሮ ደብዳቤ ወጣ እንበል። «አባባ ቦታውን ለታላቅ ወንድማችን» ይልና የመጨረሻው ቃል «ሰጡት»ም «ሸጡት»ም ይመስላል። ልዩነቱ አንዲት ሰረዝ ነው፤ ለወራሾች ግን ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ ቃሉ ላይ ሳትቆሙ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። እርግጠኛ የሆናችሁበትን በሌላ ወረቀት ገልብጡ፣ ያጠራጠራችሁን ባዶ ተዉ።

ቀጥሎ የጸሐፊውን እጅ አጥኑ። «ሽማግሌ»፣ «ሺህ»፣ «ሰላም»፣ «ሰኞ» የመሳሰሉ የማያሻሙ ቃላት ፈልጉና «ሸ»ንና «ሰ»ን እንዴት እንደሚጥል እዩ። ሰረዟን አዘውትሮ የሚተው ሰው ከሆነ፣ እዚህም አለመታየቷ ማስረጃ አይሆንም። በእስክሪብቶ የተጻፈ ከሆነ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጉበት፤ ቀለሙ ቢደበዝዝም የተጫነበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ሊታይ ይችላል።

አሁን ሁለቱንም ቃላት እየተካችሁ ዙሪያውን ፈትሹ። «ለወንድማችን» የሚለው አይፈርድም፤ ይሰጥለታልም፣ ይሸጥለታልም። ቀጣዩ መስመር «ገንዘቡንም በሁለት ጊዜ ከፈለ» ካለ ግን ሚዛኑ ወደ ሽያጩ ያደላል። ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ ያው ግስ በሌላ መልክ ሲመጣ ይገኛል፦ ከሰጡ «ሰጥተው»፣ ከሸጡ «ሸጠው» ነው የሚባለው። ሰረዟ ባትኖር እንኳ የ«ተ» መኖርና አለመኖር ይለያቸዋል። ታች «ሸጠው ሲያበቁ» የሚመስል ነገር ካገኛችሁና መሃሉ ላይ «ተ» ከሌለ፣ ነገሩ አልቋል ማለት ይቻላል።

የቦታ ስምም በአካባቢው ይፈታል፤ «ወንዲ» የመሰለው ወንጂ ሊሆን ይችላል። የዘመኑን ስም ግን አትርሱ። በንጉሡ ጊዜ የተጻፈ ደብዳቤ ከተማዋን ናዝሬት ስለሚላት፣ «አዳማ»ን ብቻ የሚፈልግ ዓይን ስሟን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ የመጣለትን ቃል ይዞ፣ ከዚያ በኋላ የሚደግፈውን ብቻ ሲለቅም ነው። ስለዚህ የተቃራኒውን ቃል ማስረጃ ሆን ብላችሁ ፈልጉ።

የሰው ስምና የብር መጠን በዐውድ አይገመትም፤ «ስድሳ» ይሁን «ሰባ» ዙሪያው አይነግራችሁም። ስትገለብጡ በዐውድ የሞላችሁትን ቃል [ሸጡት?] ብላችሁ በቅንፍ አስገቡ፤ ጉዳዩ ውርስ ወይም ክርክር ከሆነ ቅጂውን ከዋናው ወረቀት ጋር አያይዙ።